ባቡርን «ችሬን» ብሎ የጻፈ ልጅ ምን ሰምቶ ነው?

አንድ የአምስት ዓመት አሜሪካዊ ልጅ እናቱን ደጋግሞ ይጠራል። እናቲቱ መጽሐፍ ላይ አቀርቅራለች፤ አትሰማም። ልጁ ጥሪው እንዳልሠራ ሲያይ የመጫወቻ የፊደል ማኅተሞቹን አነሣና ወረቀት ላይ አራት ፊደላት አትሞ አመጣላት። አር፣ ዩ፣ ዲ፣ ኤፍ። እንደ ቃል ሲያዩት ትርጉም የለውም። ፊደላቱን በየስማቸው ሲጠሯቸው ግን «አር ዩ ዴፍ?» ይላል። ደንቆሮ ነሽ እንዴ ማለቱ ነው። እናት መጽሐፏን አጠፈች።

እናቲቱ ግሌንዳ ቢሴክስ የምትባል መምህርትና ተመራማሪ ነበረች። የልጇን የፖልን ጽሑፎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዓመታት እያጠራቀመች አጥንታ በ1980 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ አወጣች። ርዕሱን የወሰደችው ልጁ ሥራውን እንዳያቋርጡት ከለጠፈው ማስታወቂያ ነው፤ «ሊቅ ሥራ ላይ ነው» ለማለት የጻፈውን በራሱ አጻጻፍ፣ አንድም ፊደል ሳታርም፣ የመጽሐፉ ሽፋን ላይ አወጣችው። መጽሐፉ እስከ ዛሬ በመምህራን ማሠልጠኛ ሲጠቀስ ይኖራል። ፖል ያደረገው ነገር ደግሞ ዛሬ በየአሜሪካ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል በየቀኑ የሚደረግ፣ መምህራንም ሆን ብለው የሚያበረታቱት ነገር ነው። ልጁ የቃሉን ትክክለኛ አጻጻፍ ሳያውቅ፣ የሚሰማውን ድምፅ ባሉት ፊደላት ይጽፈዋል። በአማርኛ በድምፅ መጻፍ ልንለው እንችላለን።

ይህ ነገር በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሚኒያፖሊስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በልጁ ቦርሳ ውስጥ ባለች አቃፊ ነው። ልጁ በአሜሪካ ኪንደርጋርተን ገብቷል፤ ኪንደርጋርተን እዚያ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለች፣ ልጆች በአምስት ዓመታቸው የሚጀምሯት አንዲት ዓመት ናት። ወረቀቱ ላይ ከላይ ሥዕል አለ፤ ባለ ብዙ መስኮት ባቡርና ሁለት ሰዎች። ከሥር በትላልቅ ፊደላት የተጻፈ ዓረፍተ ነገር አለ። ልጁ ሲያነበው «ከአባዬ ጋር በባቡር ሄድኩ» ነው የሚለው። ወረቀቱ ላይ ግን «ሄድኩ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ደብሊው-ቲ ብቻ ነው። «ባቡር»ን የተጻፈው ሲ-ኤች-አር-ኤ-ኤን ተብሎ ነው። «ጋር» ደብሊው-ኤፍ፣ «የእኔ» ደግሞ ኤም-አይ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ መምህርቷ አንዱንም አላረመችም። ጥግ ላይ የሚስቅ ፊት ሥላ «ባቡሩ ፈጣን ነበር?» ብላ በትክክለኛ እንግሊዝኛ ጽፋበታለች።

አባት ይናደዳል። ቢናደድ አይፈረድበትም። ያደገበት ትምህርት ቤት እንዲህ አልነበረም። በየኔታ ዘንድ ሀሁ ተቆጥሮ፣ አቡጊዳ ተዘልቆ ነው ወደ ንባብ የሚታለፈው፤ የሳተ ልጅ እዚያው በአፍ ይታረማል። በመንግሥት ትምህርት ቤትም ቃለ ጽሕፈት ሲሰጥ በቀይ እስክሪፕቶ ያልተነካ ደብተር ብርቅ ነበር። ጽሕፈት ማለት አስቀድሞ በትክክል የተጻፈን ነገር መገልበጥ ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ መምህርት ስሕተት አይታ በዝምታ ስታልፍ ሥራዋን የተወች ይመስለዋል። ስለዚህ እርሳስ አንሥቶ ከልጁ ጽሑፍ በላይ ትክክለኛውን ሊጽፍ ይቃጣል።

እርሳሱን ከማንሣቱ በፊት ግን ልጁ የጻፈውን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ከቀላሉ እንጀምር። «የእኔ»ን ኤም-አይ ብሎ የጻፈው ልጅ «ማይ» ሲል ከ«ም» ድምፅ በኋላ የሚሰማው «አይ» ነው። «አይ» ደግሞ የአንድ እንግሊዝኛ ፊደል ስም ነው። ልጁ የሚያውቀው የፊደላቱን ስም ስለሆነ ስሙን እንደ ድምፅ ተጠቀመበት። ፖል «ዴፍ»ን በዲና በኤፍ የጻፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ የኤፍ ፊደል ስም «ኤ»ንም «ፍ»ንም በአንድነት ይዞለታል። በዚሁ ስሌት አንዳንድ ልጆች በ«ው» ድምፅ የሚጀምርን ቃል በፊደሉ ዋይ ይጀምሩታል። መምህሩ ግራ ይጋባል፤ «ዋይ» ሲባል የመጀመሪያው ድምፅ «ው» መሆኑን ለሰማ ጆሮ ግን ከዚህ የበለጠ የተስተካከለ ነገር የለም። እንዲያውም ትክክለኛው ፊደል ስሙ «ደብሊው» ሆኖ በ«ድ» መጀመሩ ነው የሚያስገርመው።

ትልቁ ግኝት ያለው ባቡሩ ላይ ነው። ልጁ ትክክለኛውን ቲ-አርን ትቶ ለምን በሲ-ኤች-አር ጀመረ? አንባቢ «ትሬን» የሚለውን ቃል አሜሪካውያን እንደሚሉት ፈጠን አድርጎ ደጋግሞ ይሞክረው። ምላስ ለ«ር» ወደ ኋላ ሲዘጋጅ የፊተኛው «ት» ሳይወድ በግድ ወደ «ች» ይጠጋል። ቃሉ ከአፍ የሚወጣው «ችሬን» ሊባል በሚችል ድምፅ ነው። አዋቂው ይህን አይሰማም፤ ለዓመታት ቲ-አር ብሎ ስላነበበ ዓይኑ ጆሮውን አታሎታል። ልጁ ገና አላነበበም፤ ስለዚህ ያለውን ይሰማል።

ይህን መጀመሪያ በዝርዝር ያሳየው ቻርልስ ሪድ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ነው። ሪድ በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ ትምህርት ሳይጀምሩ በራሳቸው መጻፍ የጀመሩ ሕፃናትን ጽሑፍ ሰብስቦ መረመረ። ልጆቹ አይተዋወቁም፤ ያስተማራቸውም የለም። ሆኖም ስሕተቶቻቸው ተመሳሳይ ነበሩ። «ትር»ን በ«ችር»፣ «ድር»ን በ«ጅር» የሚጽፉ ልጆች በተለያየ ቤት ተገኙ። ሌላም ነገር አስተዋለ፤ «ን» እና «ም» ከሌላ ተነባቢ በፊት ሲመጡ ይዘለላሉ። የእኛው ልጅ «ዌንት»ን ደብሊው-ቲ ሲለው «ን» የጠፋችበት ለዚህ ነው። ለ«ን» እና ለ«ት» ምላስ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ «ን» በመሐል የምትሰማው ራሷን ችላ ሳይሆን ከፊቷ ባለው አናባቢ ላይ እንደ አፍንጫ ድምፅ ሆና ነው። ልጁ ለብቻዋ አልሰማትም፤ ስላልሰማት አልጻፋትም። «ጋር» የሚለው «ዊዝ» መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ፣ ምላስ በጥርስ መሐል ወጥቶ የሚባለው፣ ለብዙ የአምስት ዓመት ልጅ ጆሮም አፍም ከ«ፍ» አይለይም። ስለዚህ ኤፍ ሆነ።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በዘፈቀደ የተቀመጠ ፊደል የለም ማለት ነው። እያንዳንዱ ምክንያት አለው። «አባዬ» የሚለው እንግሊዝኛ ቃል ደግሞ ዲ-ኤ-ዲ ተብሎ በትክክል ተጽፏል፤ ምክንያቱም ድምፁና ፊደሉ የሚገጣጠም ቃል ነው።

አማርኛ አንባቢ ወላጅ ይህን ለመቀበል የሚቸገረው አንድም ከፊደላችን ጠባይ የተነሣ ነው። በአማርኛ የሰማኸውን ከጻፍክ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ጽፈሃል። «ባቡር» ሦስት ድምፀ ቃል ይመስላል፤ ሦስት ፊደል ነው። የሚያሳስተው የሀሌታው ሀ ከሐመሩ ሐና ከብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ ከንጉሡ ሠ ዓይነቱ ነው፤ እሱንም አንባቢው ይቅር ብሎ ያነበዋል። የእንግሊዝኛ ግን 26 ፊደላት ብቻ አሉት፤ ድምፆቹ እንደ አቆጣጠሩ 44 ያህል ናቸው። ለአናባቢዎቹ ያሉት አምስት ፊደላት ከዚያ እጅግ የሚበዙ ድምፆችን ተከፋፍለው ይሸከማሉ። «አይ» የሚለው ድምፅ ብቻ እንኳ በተለያዩ ቃላት በብዙ ዓይነት ይጻፋል። ስለዚህ ትክክለኛውን አጻጻፍ ሳያውቅ እንዳይጽፍ የተባለ የአምስት ዓመት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጅ የሚጽፈው ሃያ ወይም ሠላሳ የሸመደዳቸውን ቃላት ብቻ ነው። «ድመት አየሁ፤ ውሻ አየሁ» ይላል እንጂ ከአባቱ ጋር በባቡር መሄዱን አይነግረንም።

ደግሞም ይህን የሚያደርገው ልጅ ብቻ አይደለም። አዋቂው ራሱ ስልኩ ላይ የአማርኛ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጽፍ ማን አስተማረው? «ነው» ለማለት ኤን-ደብሊው ብሎ ይልካል፤ አናባቢውን ይዘልለዋል፤ «ጨ»ን አንዱ በሲ-ኤች፣ ሌላው በሲ ብቻ ይጽፋታል። ሕግ የለውም፤ ሁሉም በጆሮው ይጽፋል፤ ሁሉም ይግባባል።

ወላጅ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ግን የተሳሳተው አጻጻፍ ለምዶት ይቀራል ብሎ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ መልሱን የሚሰጠው የልጁ ወረቀት ራሱ ነው። ያው ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ባቡር»ን በሦስት ዓይነት ሲጽፈው ይገኛል። የሸመደደው አጻጻፍ የለውም፤ በጻፈ ቁጥር እንደ አዲስ ያሰላዋል። ስሌቱ የሚለወጠው ስለ ፊደልና ድምፅ ያለው ዕውቀት ሲጨምር ነው። የመጀመሪያው ወረቀት የተጻፈው በጥቅምት ቢሆን፣ በሚያዝያ ተመሳሳዩ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ «ሄድኩ» ሙሉ ሆኖ፣ «የእኔ» እና «ጋር» ተስተካክለው፣ ባቡሩ ደግሞ ቲ-አር-ኤ-ኤን-ኢ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ባቡሩ አሁንም ስሕተት ነው። ግን ስሕተቱ ሌላ ነው። የመጨረሻዋ ኢ አትነበብም፤ ልጁ የጨመራት በክፍል ውስጥ አንድ ሕግ ስለተማረ ነው፤ ቃል መጨረሻ ላይ ያለች የማትነበብ ኢ መሐል ያለውን አናባቢ በስሙ እንዲጠራ ታደርጋለች። ሕጉ እውነት ነው፤ የማይሠራው በዚህ ቃል ላይ ነው። ባለፈው የተሳሳተው በጆሮው ነበር፤ አሁን በዓይኑ መሳሳት ጀምሯል፤ ከመጽሐፍ ያየው ነገር ወደ እጁ እየገባ ነው። ይህን ልዩነት የማያይ አባት ሁለቱንም ወረቀት በአንድ ቀይ መስመር ይሰርዛቸዋል።

ጥናቱም በዚሁ አቅጣጫ ይናገራል። ጂን ዉዌሌትና ሞኒክ ሴኔሻል የተባሉ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት ሥራ 171 ልጆችን ከኪንደርጋርተን እስከ አንደኛ ክፍል ተከታተሉ። በኪንደርጋርተን በድምፅ መጻፍን የተሻለ የቻሉት፣ በአንደኛ ክፍል ንባብም ትክክለኛ አጻጻፍም የተሻሉ ሆነው ተገኙ፤ ይህም የፊደል ዕውቀታቸውና የድምፅ አለያየት ችሎታቸው ከግምት ገብቶ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ልጁ ሲጽፍ ማየት ይበቃል። «ችሬን» ለማለት ቃሉን በዝግታ ይለዋል፤ ይቆርጠዋል፤ የመጀመሪያውን ድምፅ ይይዛል፤ ፊደል ይፈልግለታል፤ ይጽፋል፤ ተመልሶ ቃሉን ይላል፤ ቀጣዩን ይይዛል። ንባብ ሲማር የሚያስፈልገው ሥራ ይኸው ተገልብጦ ነው። የገለበጠ ልጅ ግን ፊደሉን በእጁ ያዞራል እንጂ ድምፁን በጆሮው አይፈልግም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር በጥብቅ መለየት አለበት። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው በ2008 ባወጡት ሙከራ የጠቀማቸው ልጆች ዝም ብለው እንዲጽፉ የተተዉ አልነበሩም። ልጁ ከጻፈ በኋላ መምህሯ ከእሱ አጻጻፍ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ያለውን ታሳየው ነበር። የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ ለጻፈ ልጅ የመጨረሻውን ጨምራ ታሳየዋለች እንጂ ሙሉውን ትክክለኛ ቃል አትደፋበትም። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር የጉዳዩ እምብርት ነው። በ1980ዎቹ በአንዳንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በድምፅ መጻፍ ሲስፋፋ «ልጁ ሲያነብ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል» ተብሎ የፊደልና የድምፅ ትምህርት የተዘነጋበት ክፍል ነበር። ሦስተኛ ክፍል ደርሰው የተለመዱ ቃላትን መጻፍ ያቃታቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆች ተቆጡ፤ እውነት ነበራቸው። ጥፋቱ ግን ልጁ በድምፅ መጻፉ አልነበረም፤ መምህሩ ማስተማሩን መተዉ ነበር። ዛሬ ጥሩ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ መምህርቷ ፊደልና ድምፅ በቅደም ተከተል ታስተምራለች፤ በጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ልጁ የተማረውን በራሱ ይሞክረዋል።

ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች የተቀበሉት የ2010 የትምህርት መመዘኛም ይህንኑ በጽሑፍ አስፍሮታል። በኪንደርጋርተን የሚጠበቀው ልጁ ቀላል ቃላትን በድምፅ እንዲጽፍ ነው። በአንደኛ ክፍል በተደጋጋሚ የሚመጡትን ቃላትና የተማራቸውን ዓይነቶች በትክክል፣ ያልተማራቸውን ደግሞ በድምፅ ይጽፋል። መምህርቷ ባቡሩን ሳታርም ያለፈችው እንግዲህ ከራሷ ቸልተኝነት ተነሥታ አይደለም፤ የክፍሉ መመዘኛ የሚጠይቀውን ልጁ ስላደረገው ነው።

ታዲያ ቤት ሲደርስ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ነገር ወረቀቱን ለልጁ መልሶ «እስኪ አንብብልኝ» ማለት ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ሌላ ነው፤ የማይነበብ ነው ማለት ይመስላል። ልጁ ሲያነብ ጣቱን በየቃሉ ሥር ማስኬዱን መመልከት ደግሞ ብዙ ይነግራል፤ ለእያንዳንዱ የተነገረ ቃል አንድ የተጻፈ ቃል መኖሩን አውቋል ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው መልስ ለመልእክቱ ይሁን። «ባቡሩ ውስጥ የት ተቀመጣችሁ?» የምትል እናት ልጇ የጻፈው ነገር ሰው ዘንድ እንደደረሰ ነገረችው። ከተቻለ ደግሞ መልሱን በጽሑፍ መስጠት ነው፤ ማቀዝቀዣው ላይ በምትለጠፍ ቁራጭ ወረቀት። እዚያ ላይ ወላጁ ቃሉን በትክክል ይጽፈዋል። ልጁ «ችሬን» ሲል የጻፈው «ትሬን» ተብሎ በእናቱ እጅ ተጽፎ ያየዋል፤ ማንም አላረመውም፤ ትክክለኛው ግን ዓይኑ ሥር ነው።

ልጁ በሚጽፍበት ጊዜ «እማዬ፣ ዝናብ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብሎ ከጠየቀ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዚህ ጊዜ ፊደላቱን አንድ በአንድ መጥራት ይቀላል፤ እራት እሳት ላይ ከሆነ በተለይ። ልጁ ግን ከዚህ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው። ይልቅ ቃሉን አብራው በዝግታ ትለዋለች። «ሬ... ይ... ን። መጀመሪያ ምን ሰማህ?» «ር!» «ጻፋታ። ሌላስ?» ልጁ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ብቻ ሰምቶ አር-ኤን ብሎ ከጻፈ ያ ለዛሬ በቂ ነው። ትንሽ የበረታ ከሆነ «መሐል ላይ ስትጎትተው ምን ይላል?» ብላ አንዲት ደረጃ ትጨምርለታለች። አንድ ቃል ላይ አንድ ጭማሪ፤ በአንድ ወረቀት ላይ ከሁለት ቃል በላይ መነካካት ልጁን ከጽሑፉ ያስነሣዋል።

አንዳንድ ቃል ግን በጆሮ አይገኝም። ስም፣ የአያት ከተማ፣ በክፍል የተማረው የቃላት ዝርዝር ውስጥ ያለ ቃል፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ ድምፁን የደበቀበት ቃል እንዲሁ ይነገረዋል፤ ከግድግዳው ላይ ካለው ዝርዝር አይቶ ይገልብጥ። ልጁ የተማረውን ቃል ሲያሳስት «ይቺን በክፍል ግድግዳ ላይ አይተሃታል አይደል?» ብሎ መመለስ ተገቢ ነው። በድምፅ መጻፍ የሚፈቀደው ለማያውቀው ቃል እንጂ ለሚያውቀው አይደለም።

«ትክክል ነው?» ብሎ በቀጥታ ሲጠይቅስ? አንዳንድ ወላጅ ልጁን ላለማሳዘን «አዎ፣ ጎበዝ» ይላል። ይህ አይጠቅምም። ልጁ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ቃል ከእሱ ጋር እንደማይመሳሰል በቅርቡ ያያል፤ ያን ጊዜ የአባቱን ቃል ይጠራጠራል። እውነቱን መናገር ይሻላል። «ድምፆቹን በሙሉ ሰምተሃል፤ መጽሐፍ ላይ ግን በቲና በአር ነው የሚጀምረው፤ ታየዋለህ?» ይበለው። ሲጠይቅ ይነገረው፤ ሳይጠይቅ ወረቀቱ ላይ አይጻፍበት። አያት ዘንድ የሚላክ ካርድ ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥራ ከሆነ ደግሞ አብሮ ተቀምጦ አስተካክሎ መጻፍ ይቻላል፤ ለሰው የሚቀርብ ነገር ይጸዳል የሚለውን ልጆች ከጠበቅነው በላይ ይረዱታል።

ስልክና ታብሌት ላይ የሚጽፍ ልጅ ያለው ወላጅ ፊደል አራሚውን ያጥፋው። ማሽኑ ቃሉን ከልጁ ቀድሞ ስለሚጨርሰው፣ ጆሮ የሚሠራው ሥራ ይቀራል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚያነሡት ሌላ ሥጋት አለ። «የእኔ እንግሊዝኛ ቅላጼ አለው፤ በዝግታ ብዬለት ልጄን ባሳስተውስ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ «ዊዝ» እና «ዚስ» የምንለው በአሜሪካዊ አፍ ሌላ ነው። በቅርቡ የመጣ ልጅ ጽሑፍ ላይ ይህ በግልጽ ሊወጣ ይችላል፤ ቲ-ኤች የሚገባበት ላይ ዜድ ያስገባል። ይህ የሰነፍ ምልክት አይደለም፤ የሰማውን በታማኝነት ጽፏል። ቅላጼው የሚያሳስበው ወላጅ ግን የድምፅ ጨዋታውን በአማርኛ ያድርገው። «ዳቦ በምን ይጀምራል? ዳቦና ድመት በአንድ ነው የሚጀምሩት?» «ከበግ መጨረሻዋን ብንተው ምን ይቀራል?» ቃልን ወደ ድምፅ መበተን በአንድ ቋንቋ የተለማመደ ልጅ ለሌላውም ይጠቀምበታል።

በዚህ ላይ ፊደላችን አንድ ጥቅም አንድ ወጥመድ አለው። ወጥመዱ ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት መያዙ ነው። «ዶግ» በፊደል ሁለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ሦስት። ሀሁ የቆጠረ ልጅ ዲ-ጂ ብሎ ቢጽፍ ሁለት ነገር ስለሰማ ነው። ጥቅሙ ደግሞ የፊደል ገበታው ራሱ መፍትሔውን ይዟል። ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ፣ ዴ፣ ድ፣ ዶ በአንድ መስመር ሲቆጠሩ የማይለወጠው ምንድን ነው ተብሎ ልጁ ቢጠየቅ ሳድሷን «ድ» ያገኛታል፤ የእንግሊዝኛው ዲ እሷ ናት። የሚለወጠው ደግሞ አናባቢው ነው። ቤት ውስጥ ገበታው ካለ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁሉም ስሕተት ግን በደግ አይታይም። ኪንደርጋርተን ሲያልቅ የልጁ ጽሑፍ አሁንም ከድምፅ ጋር የማይገናኝ የፊደል ክምር ከሆነ፣ የብዙ ፊደላትን ስም ካላወቀ፣ ወይም ሲነገረው የቃልን መጀመሪያ ድምፅ መለየት ካቃተው ጉዳዩ ከመምህርቷ ጋር መነጋገር ይፈልጋል። የስድስት ወር ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምንም ለውጥ ካላሳዩም እንዲሁ ነው። ቤተሰብ ውስጥ ማንበብ እጅግ የከበደው ሰው ካለ፣ ወይም ልጁ ጆሮውን ታምሞ ከነበረ፣ ይህንንም መናገር ያስፈልጋል። ቢን ከዲ ማገላበጥ ግን በራሱ አያስደነግጥም፤ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ በብዙ ልጆች ላይ ይታያል። ሁለተኛ ክፍል ገብቶ ደጋግሞ የተማረውን ቃል እንደ ኪንደርጋርተን የሚጽፍ ልጅም ጊዜ ይስጡት ተብሎ ዝም የሚባል አይደለም።

ለዚህ ውይይት ባዶ እጅ አይኬድም። ወረቀቶቹ ላይ ቀን ተጽፎ በወር አንድ ሁለቱ ይቀመጡ። ጥያቄውም «ለምን አታርሚውም?» ከሚሆን «አሁን የትኛውን ድምፅ እያስተማራችሁት ነው? በትክክል መጻፍ ያለበት የትኞቹን ቃላት ነው?» ቢሆን ወላጁ ቤት የሚሠራበት ነገር ይዞ ይመለሳል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግረው ወላጅ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ አይውሰድ። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ከስብሰባው ቀን አስቀድሞ በትምህርት ቤቱ ቢሮ ሊጠየቅ ይችላል፤ ክፍያ የለውም።